«Fit» ወይስ «Actual size»፦ ሲታተም ለሚያንስና ለሚቆረጥ ገጽ የንጽጽር መመሪያ

ለአሜሪካ ቪዛ ቃለ መጠይቅ ጉርድ ፎቶግራፍ የፈለገ አንድ ወጣት ወደምሠራበት የኅትመት ቤት መጣ። ፎቶግራፉን በስልኩ አስተካክሎ፣ በአንድ የኤ4 ገጽ ላይ ስድስት ጊዜ ደርድሮ፣ በፒዲኤፍ ይዞት ስለነበር ከእኔ የሚጠበቀው በፎቶ ወረቀት አትሞ ዳሩን ተከትሎ መቁረጥ ብቻ ነበር። አትሜ፣ ቆርጬ ሰጠሁት። በማግስቱ ፎቶግራፎቹን በፖስታ እንደያዘ ተመለሰና «ጋሼ፣ ሲቆርጡት ያጠበቡት መሰለኝ፤ 51 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው 49 ነው» አለኝ። እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት መቁረጫውን ነበር። ሆኖም ሳይቆረጥ የቀረውን ትርፍ ወረቀት አውጥቼ በማስመሪያ ስለካው እዚያም ላይ ያለው ፎቶግራፍ 49 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የጠበበው በመቁረጫው ሳይሆን ከዚያ በፊት በማተሚያው ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። ከእሱ በፊት ለመጣ ደንበኛ የመረጥኩትን «Fit» የሚለውን ምርጫ ሳልቀይር ነበር ያተምኩለት።

ወደ ኅትመት ቤት ከሚመጡት ቅሬታዎች መካከል «ገጹ አነሰብኝ» እና «ጠርዙ ተቆረጠብኝ» የሚሉት ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ እንጂ የአንድ ውሳኔ ሁለት ፊቶች ናቸው። የመጀመሪያው ማሳነስ በማያስፈልግበት ቦታ በማሳነስ የሚመጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ማሳነስ በሚያስፈልግበት ቦታ ባለማሳነስ ይመጣል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው በሽታ ስለሆነም ሁልጊዜ ይህን ምረጡ ብሎ በአንድ ቃል መምከር አይቻልም።

ሁለቱ ምርጫዎች ምን ያደርጋሉ?

የቢሮና የቤት ማተሚያዎች አብዛኛዎቹ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ማተም አይችሉም። በብዙ የሌዘር ማተሚያዎች ላይ በአራቱም ጎን 4.2 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀለም የማይደርስበት ዳር ይቀራል፤ በአንዳንድ የቀለም ማተሚያዎች ላይ ደግሞ የታችኛው ዳር ከዚህም ይሰፋል። የኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ከወርዱ ሁለቱን ዳሮች ስንቀንስ ለኅትመት የሚተርፈው 201.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

«Fit» ገጹን በሙሉ ወስዶ በዚህ በሚታተመው ክፍል ውስጥ እንዲገባ አድርጎ ይለካዋል። በመሆኑም ገጹ ኤ4፣ ወረቀቱም ኤ4 ሆነው ሳለ እንኳ ገጹ ወደ 96 በመቶ ይወርዳል፤ 201.6 ለ210 ሲካፈል የሚሰጠው ይህንኑ ነው። የወጣቱ 51 ሚሊ ሜትር በ96 በመቶ ሲሰላ 49 ይሆናል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላም ነገር አለ፤ «Fit» የሚያሳንስ ብቻ ሳይሆን የሚያሳድግም ነው። የኤ4 ግማሽ የሆነ የኤ5 ደረሰኝ በኤ4 ወረቀት ላይ በ«Fit» ቢታተም ወደ 136 በመቶ ያድጋል።

«Actual size» ግን ገጹን አይነካውም። በሰነዱ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስመር በወረቀቱም ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይወጣል፤ ገጹ ከወረቀቱ ቢበልጥ ወይም ጽሑፉ ቀለም ወደማይደርስበት ዳር ቢጠጋ የተረፈው ይቆረጣል። ይህ ምርጫ በአንዳንድ ፕሮግራሞች ውስጥ «100%» ወይም «No Scaling» ተብሎ ይገኛል፤ ትርጉሙ አንድ ነው።

በአክሮባት ሪደር ውስጥ በሁለቱ መካከል «Shrink oversized pages» የሚል ሦስተኛ ምርጫ አለ። ትልቁን ገጽ ያሳንሳል፣ ትንሹን ግን አያሳድግም። ለተራ ደብዳቤና ለሚነበብ ጽሑፍ ከሦስቱ የምወደው ይህንን ነው፤ ልክ ለሚፈልግ ሥራ ግን አልተማመንበትም። የትኛውም ምርጫ ቢሆን በአክሮባት ሪደር የኅትመት መስኮት ከገጹ ቅድመ ዕይታ በላይ «Scale» የሚል ቃልና የመቶኛ ቁጥር ይታያል፤ ከምርጫው ስም ይልቅ ይህን ቁጥር ማመን ይሻላል።

በክሮም ፒዲኤፍ የሚያትም ሰው ደግሞ ሁለት ዓይነት «Fit» ያገኛል። «Fit to printable area» ከላይ የተገለጸው ነው። «Fit to paper» ግን ገጹን ከሙሉው ወረቀት ጋር ስለሚያመጣጥነው የማይታተመውን ዳር ከቁጥር አያስገባም፤ ስለዚህም አሳንሶ ሳለ ጫፉን ሊቆርጥ ይችላል። አሳነስኩት ብሎ የተቆረጠ ገጽ የሚያገኝ ሰው ብዙውን ጊዜ ይህንን የመረጠ ነው። በክሮም ትክክለኛውን ልክ የሚፈልግ ሰው «Custom» መርጦ 100 ብሎ ቢጽፍ ይሻለዋል።

ከምርጫው በፊት የወረቀቱን ስም ማየት

ከሁለቱ የትኛውን ልምረጥ ብሎ መጨነቅ የሚገባው ማተሚያው የወረቀቱን መጠን በትክክል ካወቀ በኋላ ነው። በአገራችን በገበያ የሚገኘውና በየማተሚያው የሚገባው ወረቀት ኤ4 ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ግን ሲጫኑ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ይመረጥላቸውና የወረቀቱ መጠን ሳይታሰብ ሌተር ሆኖ ይቀራል። ሌተር የአሜሪካ መደበኛ ወረቀት ሲሆን 215.9 በ279.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከኤ4 በ6 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፣ በ17.6 ሚሊ ሜትር ደግሞ ያጥራል። ሁለቱን ወረቀቶች ለየብቻ ያየ ሰው ልዩነታቸውን ላያስተውለው ይችላል፤ ማተሚያው ግን ያስተውለዋል።

ኮምፒውተሩ ወረቀቱ ሌተር ነው ብሎ ካመነ፣ የኤ4 ገጽ በ«Fit» ሲታተም ቁመቱ በሌተር በሚታተመው ክፍል እንዲገባ ተደርጎ ወደ 91 በመቶ ይወርዳል፤ በእውነተኛው የኤ4 ወረቀት ላይም ጽሑፉ ወደ ላይ ተሰብስቦ ከታች ሰፊ ባዶ ቦታ ይቀራል። በ«Actual size» ቢታተም ደግሞ ወረቀቱ ቦታ እያለው የገጹ ራስጌና ግርጌ ይቆረጣሉ። አንዳንድ ማተሚያ ከዚህ አልፎ ሌተር ወረቀት አምጡልኝ ብሎ መብራቱን እያብለጨለጨ ይቆማል፤ ተጠቃሚው ግን ወረቀቱ የታነቀ መስሎት ክዳኑን ሲከፍትና ሲዘጋ ይውላል።

መፍትሔው በዊንዶውስ የማተሚያዎች ዝርዝር ውስጥ የማተሚያውን ስም መርጦ «Printing preferences» መክፈትና የወረቀቱን መጠን A4 ማድረግ ነው። በዎርድ የተጻፈ ሰነድ ከሆነ ደግሞ «Layout» ከሚለው ክፍል «Size» ገብቶ ገጹን ራሱን A4 ማድረግ ይገባል። ይህን ያደረገ ሰው ከሁለቱ ምርጫዎች አንዱም አያስፈልገውም፤ ጽሑፉ በአዲሱ ገጽ ላይ እንደገና ይደረደራል እንጂ ፊደሉ አያንስም። በዎርድ የተዘጋጀን ደብዳቤ በ«Fit» ማሳነስ በእኔ ግምት ገጹን ለማስተካከል የሰነፈ ሰው ሥራ ነው። ገጹ ሲስተካከል አንዳንድ መስመር ወደ ቀጣዩ ገጽ ሊዛወር ስለሚችል ግን ፊርማና ቀን ያለበት ሰነድ ከመታተሙ በፊት ዳግም ይታይ።

ማስመሪያ የሚያርፍበት ከሆነ

ወረቀቱ ከታወቀ በኋላ የምርጫው ጥያቄ አንድ ነው፤ በታተመው ወረቀት ላይ ማስመሪያ፣ መቀስ ወይም ሌላ ወረቀት ያርፍበታል ወይ? የሚያርፍበት ከሆነ «Actual size»፣ ሰው አንብቦ የሚያስቀምጠው ብቻ ከሆነ «Fit» ወይም «Shrink oversized pages» ይመረጣል።

ማስመሪያ የሚያርፍበት ሲባል ከጉርድ ፎቶግራፍ ሌላ በቅድሚያ የሚመጣው የሕንፃ ፕላን ነው። በ1፡100 የተሠራ ፕላን 5 ሜትር የሆነን ግድግዳ በ5 ሳንቲ ሜትር ያሳያል። በ«Fit» ከታተመ 4.8 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ግንበኛው በማስመሪያ ለክቶ ግድግዳው 4.80 ሜትር ነው ይላል፤ 20 ሳንቲ ሜትር በወረቀት ላይ ጠፋ ማለት ነው። ኤ3 ሆኖ የተዘጋጀ ፕላን በኤ4 ሲታተምማ ወደ 68 በመቶ ይወርዳልና 1፡100 የሚለው ጽሑፍ ከነአካቴው ሐሰት ይሆናል። በፕላኑ ጥግ የተሳለው የመለኪያ መስመር ግን ከሥዕሉ ጋር አብሮ ስለሚያንስ እውነተኛ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ አንሶ በታተመ ፕላን ላይ የሚለካ ሰው የተጻፈውን ቁጥር ትቶ የተሳለውን መስመር ቢከተል አይሳሳትም።

ሌላው ከኢንተርኔት የሚወርድ የልብስ ስፌት ንድፍ ነው። ደረቱ 96 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን የተዘጋጀ ንድፍ በ96 በመቶ ከታተመ 92 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ስህተቱም የሚታወቀው ጨርቁ ተቆርጦ ተሰፍቶ ልብሱ ሲለካ ነው። እንዲህ ያለው ንድፍ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ልኩ የተጻፈበት የሙከራ አራት ማዕዘን ይኖረዋል። ያንን አንድ ገጽ ብቻ አስቀድሞ አትሞ መለካት ከሁሉም ይረክሳል።

ሌላ ወረቀት የሚያርፍበት ሲባል ደግሞ አስቀድሞ በታተመ ቅጽ፣ ደረሰኝ ወይም የምስክር ወረቀት ላይ ስምና ቀን ብቻ ማተም ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚጎዳው የፊደሉ ማነስ ሳይሆን ቦታው መሸሹ ነው። «Fit» ሁሉንም ነገር ወደ ገጹ መካከል ስለሚስበው ከመካከሉ 80 ሚሊ ሜትር ርቆ መቀመጥ የነበረበት ቀን ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በነጠብጣቡ ላይ መቀመጥ የነበረበት ጽሑፍም ከመስመሩ በላይ ወይም ከጎኑ ካለው ቃል ላይ ይወድቃል። በመካከል ያሉት ስሞች በትክክል ተቀምጠው በጠርዙ ያሉት ብቻ ከሸሹ መንስኤው ማሳነስ ነው። ሁሉም በእኩል መጠን ወደ አንድ ጎን ከሸሹ ግን ወረቀቱ በመሳቢያው ውስጥ ተንሸራቷልና ምርጫውን መነካካት ዋጋ የለውም።

ለሚነበበው ነገር ግን ወደ 96 በመቶ መውረዱ ምንም አይጎዳም። 12 ነጥብ የሆነ ፊደል 11 ነጥብ ተኩል ይሆናል፤ ይህን በዓይኑ የሚለይ አንባቢ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የ10 ሳንቲ ሜትር መስመር

በየሥራው መገመት ሲሰለቸኝ በዎርድ አንድ የኤ4 ገጽ ከፍቼ በመካከሉ ልክ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስመር አሰመርኩና በፒዲኤፍ አስቀመጥኩት። በተመሳሳይ መንገድ በሌተር ገጽ ላይ ሌላ አንድ አዘጋጀሁ። አዲስ ማተሚያ ሲመጣ ወይም ደንበኛ ልክ ሲፈልግ መጀመሪያ የማትመው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም መስመሩ በወረቀት ላይ የሚሰጠው ልክ ጥፋቱ የት እንዳለ ይናገራል።

መስመሩ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ምርጫው በእርግጥ «Actual size» ነው። 9.6 ከሆነ የኤ4 ገጽ በኤ4 ወረቀት በ«Fit» ታትሟል። 9.1 ከሆነ ኮምፒውተሩ ወረቀቱን ሌተር ብሎ ያምናልና ወደ «Printing preferences» መመለስ ያስፈልጋል። የሌተሩ ገጽ በኤ4 ወረቀት ታትሞ 9.3 ከሰጠ በሚታተመው ክፍል ልክ ተስተካክሏል፤ 9.7 ከሰጠ ደግሞ በሙሉው ወረቀት ልክ፣ ማለትም በ«Fit to paper» ነው። እነዚህ ቁጥሮች የማይታተመው ዳር 4.2 ሚሊ ሜትር ለሆነበት ማተሚያ የሚሠሩ ናቸው፤ ዳሩ ከዚህ ለሚሰፋበት ማተሚያ ትንሽ ዝቅ ይላሉ።

9.2 ካወጣ ግን ሌላ ነገር ተፈጥሯል፤ ገጹ ሁለት ጊዜ አንሷል። አክሮባት ሪደር በ«Fit» ወደ 96 ካወረደው በኋላ የማተሚያው የራሱ ሶፍትዌር ውስጥ ያለ ተመሳሳይ ምርጫ ደግሞ እንደገና ወደ 96 በመቶ አውርዶታል። የማተሚያው ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ በ«Printing preferences» ውስጥ «Scale to fit» ወይም ይህን በሚመስል ስም ተቀምጦ ይገኛል። አንድ ጊዜ ከተመረጠ በኋላ በማንኛውም ፕሮግራም በሚታተመው ሁሉ ላይ ይሠራል፤ በአክሮባት ሪደር የሚታየው «Scale» የሚል ቁጥርም ይህን ሁለተኛውን ማሳነስ አያውቀውም። ቁጥሩ 100 እያለ ወረቀቱ ያነሰ ሆኖ ከወጣ መፈተሽ ያለበት እዚያ ነው። ማሳነስና ማሳደግን ለፕሮግራሙ ብቻ ትቶ በማተሚያው ሶፍትዌር ውስጥ ያለውን ሁልጊዜ ማጥፋት የኅትመት ቤታችን ደንብ ሆኗል።

ማስመሪያ በአጠገቡ የሌለው ሰው የባንክ ካርዱን ይጠቀም። የባንክ ካርድ በየትኛውም አገር ርዝመቱ 85.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚያው ርዝመት የተሰመረ መስመር አትሞ ካርዱን ቢያስቀምጥበት ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ከአሜሪካ የሚመጣና ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰነድ

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶች የሚልኳቸው የስፖንሰርና የኢሚግሬሽን ቅጾች የሚዘጋጁት በሌተር ነው። እኛ ደግሞ የምናትመው በኤ4 ነው። ብዙ ሰው ቅጹ ይቆረጣል ብሎ በመስጋት «Fit» ይመርጣል፤ ቅጹም ወደ 93 በመቶ ወርዶ በእጅ የሚሞሉት ሳጥኖች ይጠባሉ።

ስጋቱን በቁጥር እንየው። ሌተር ከኤ4 በ5.9 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ ገጹ ወደ መካከል ተደርጎ በ«Actual size» ሲታተም ከየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከወረቀቱ ውጭ ይቀራል። የማይታተመው 4.2 ሚሊ ሜትር ሲጨመርበት ከየጎኑ የሚጠፋው 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የቅጹ ጽሑፍ ከጠርዙ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ የሚጀምር ከሆነ የጠፋው ሁሉ ባዶ ቦታ ብቻ ነው፤ ከላይና ከታችማ ወረቀቱ ራሱ ስለሚረዝም ምንም አይነካም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቅጽ በኤ4 በ«Actual size» ማተምን እመርጣለሁ፤ የሚያስፈልገው በቅድመ ዕይታው የግራና የቀኝ ጠርዞችን ማየት ብቻ ነው። ጽሑፉ ከጠርዙ 7 ሚሊ ሜትር እንኳ ሳይርቅ የሚጀምር ከሆነ በ«Custom Scale» 97 ብሎ መሞከር፣ ያ ካልበቃ ብቻ ወደ «Fit» መሄድ ይገባል።

በተቃራኒው አቅጣጫ ግን ፍርዱ ይገለበጣል። ከአዲስ አበባ በኤ4 ስካን ተደርጎ የተላከ ውክልና ወይም የልደት ማስረጃ በዋሽንግተን በሌተር ወረቀት ሲታተም የሚያጥረው ቁመቱ ነው። በ«Actual size» ከላይም ከታችም 8.8 ሚሊ ሜትር ከወረቀቱ ውጭ ይወድቃል፤ ከማይታተመው ዳር ጋር 13 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የእኛ ሰነዶች ደግሞ የደብዳቤ ቁጥሩን ከላይ ጥግ፣ አድራሻውን ከታች ጥግ ይዘው፣ ማኅተሙም ብዙ ጊዜ ወደ ግርጌ ወርዶ ተመትቶባቸው ይገኛሉ። የማኅተሙ ክብ ከታች ተቆርጦ የወጣ ሰነድ ደግሞ ለተቀባዩ ጎደሎ ይመስለዋል። ስለዚህ ወደዚያ የሚልክ ሰው ከሰነዱ ጋር በ«Fit» አትሙት የሚል አንድ መስመር ጽፎ ቢልክ መልካም ነው፤ ውክልና በማስመሪያ አይለካምና ወደ 91 በመቶ መውረዱ ምንም አያጎድለውም።

በስልክ የተነሳ ገጽና የኤክሴል ዝርዝር

በቴሌግራም የሚመጡ ብዙ ፒዲኤፎች በስልክ ከተነሳ ፎቶግራፍ የተሠሩ ናቸው። የፎቶግራፉ ስፋት 3000፣ ቁመቱ 4000 ፒክስል ሆኖ ፒዲኤፉን የሠራው መተግበሪያ በአንድ ኢንች 72 ፒክስል ብሎ ከቆጠረው የገጹ ስፋት ከ1 ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ያለው ገጽ በ«Actual size» ሲታተም የሚወጣው የሰነዱ አንድ ቁራጭ ብቻ፣ ፊደሎቹም የጣት ጥፍር የሚያህሉ ናቸው። ይህን ሲያዩ ማተሚያው ተበላሸ ማለት አያስፈልግም፤ በቅድመ ዕይታው ላይ «Document» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለውን መጠን ማንበብና «Fit» መምረጥ ይበቃል። መታወቂያ በራሱ ልክ ኮፒ እንዲሆን የሚፈልግ ሰው ግን ከስልክ ፎቶግራፍ ትክክለኛውን ልክ አይጠብቅ፤ በስካነር ቢያስነሳው ይሻለዋል።

ፎቶግራፍን በዊንዶውስ የፎቶ ማተሚያ መስኮት የሚያትም ሰው ደግሞ «Fit picture to frame» ከሚለው ይጠንቀቅ። ስሙ ከላይ ካየነው ጋር ቢመሳሰልም ሥራው ተቃራኒ ነው፤ ፎቶግራፉ ክፈፉን ሞልቶ እንዲታይ ያሳድገውና የተረፈውን ይቆርጠዋል። በቤተሰብ ፎቶግራፍ ላይ በጠርዝ የቆመው ሰው ግማሽ ፊቱን የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ምልክቱን ሲያጠፉት ፎቶግራፉ ሙሉ ሆኖ በሁለት ጎን ነጭ ዳር ይዞ ይወጣል። ዳር አልባ ኅትመት የሚያትሙ የቀለም ማተሚያዎችም ነጭ መስመር እንዳይቀር ምስሉን በጥቂቱ ስለሚያሳድጉት ለጉርድ ፎቶግራፍ አይመከሩም።

በኤክሴል ግን የሚያሳስበኝ መቆረጡ ሳይሆን ማነሱ ነው። 9 ዓምድና 200 ረድፍ ያለው የሠራተኞች ስም ዝርዝር ይዛ የመጣች ደንበኛ «በአንድ ወረቀት ይውጣልኝ» ብላ «Fit Sheet on One Page» መርጣ ነበር። በኤክሴል ነባር አቀማመጥ አንድ ረድፍ 15 ነጥብ ስለሆነ 200 ረድፍ 3000 ነጥብ፣ ማለትም ከ1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። በኤ4 ላይ ለጽሑፍ የሚቀረው ቁመት ወደ 26 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ዝርዝሩ ወደ ሩብ ወረደ፤ 11 ነጥብ የነበረው ፊደልም 3 ነጥብ እንኳ አልሞላም። ስሞቹ ግራጫ ሰረዝ መስለው ወጡ።

«Fit All Columns on One Page» ብንል ግን የሚስተካከለው ስፋቱ ብቻ ነው። ዘጠኙ ዓምዶች በነባር ስፋታቸው 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆኑ ጭራሽ ማሳነስ ሳያስፈልጋቸው ይገባሉ፤ ረድፎቹም በ5 ገጽ ይከፋፈላሉ። «Print Titles» በሚለው በኩል የመጀመሪያው ረድፍ በየገጹ እንዲደገም አደረግሁላትና በ11 ነጥብ ፊደል አምስት ገጽ ይዛ ሄደች። በእርግጥ ዓምዶቹ በስፋት ከወረቀቱ የሚያልፉ ቢሆኑ ኖሮ አስቀድሜ ወረቀቱን ወደ ጎን አዞረው ነበር፤ ካዞርኩትም በኋላ ከ70 በመቶ በታች የሚወርድ ከሆነ በኤ3 ማተምን እመክራለሁ።

ለወጣቱ ፎቶግራፍ በመጨረሻ ያደረግሁት ይህን ነው። በማተሚያው ሶፍትዌር ውስጥ ማሳነስ አለመኖሩን አረጋግጬ፣ በአክሮባት ሪደር «Actual size» መርጬ፣ «Scale» 100 መሆኑን አይቼ፣ የ10 ሳንቲ ሜትሩን መስመር መጀመሪያ በተራ ወረቀት አተምኩ። ወፍራሙ የፎቶ ወረቀት በማተሚያው ውስጥ ከተራው በጥቂቱ ስለሚንሸራተት ቀጥሎ በፎቶ ወረቀቱም ደገምኩት፤ 9.95 አካባቢ ሰጠ። ይህን ያህል ልዩነት 51 ሚሊ ሜትር ላይ ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ተውኩት። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ኖሮ 10ን ለተለካው ልክ አካፍዬና በ100 አባዝቼ፣ ለምሳሌ ለ9.8 ሳንቲ ሜትር 102 ብዬ በ«Custom Scale» እጽፍ ነበር። አዲሱን አትሜ ማስመሪያውን ለወጣቱ ሰጠሁትና ከመቁረጤ በፊት ራሱ ለካው።